የእጅ ዋጋ የሚበላው የት ላይ ነው?

ደንበኛ ጨርቁን በፌስታል ይዞ ሲመጣ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠይቀው «የእጅ ስንት ነው?» ብሎ ነው። ስነግረው ዓይኑን ያፈጣል። «ጨርቁን ራሱ እኮ የገዛሁት በዚህ ነው!»

አልፈርድበትም። ጨርቁ በእጁ አለ፣ የእኔ ሥራ ግን ገና አይታይም። ስለዚህ ወረቀት አውጥቼ አብረን እንደምራለን። መካከለኛ ቁመና ላለው ሰው ኮትና ሱሪ፣ ወርዱ ሜትር ተኩል ከሆነ፣ 3 ሜትር ከ20 ይበቃል። ዳማ ከሆነ መስመሩ ግራና ቀኝ እንዲገጥም ግማሽ ሜትር ያህል ይጨመራል። ዋጋ መቼም በየጊዜው ይለዋወጣል፤ ለስሌት እንዲመች ብቻ ሜትሩን 1,500 ብር ብንለው ጨርቁ 4,800 ብር ይመጣል። ገበሩ ሁለት ሜትር ተኩል በ300 ሂሳብ 750 ነው። ቁልፍ 200፣ ክር 150፤ የኪስ ጨርቅ፣ ዚፕ፣ የትከሻ ስፖንጅና የደረቱ ካንቫስ አንድ ላይ 600። የእጅ 4,500 ሲታከልበት 11,000 ብር ሞላ።

አሁን ደንበኛው 1,500 ብር ቀንስልኝ ይላል። ሰፊው እሺ ካለ ከየት ያመጣዋል? ጨርቁ የደንበኛው ነው፣ አይነካውም። የሚነካው የማይታየውን ነው፣ በተለይ ደረቱን። ካንቫሱን በእጅ እየወጉ ከደረቱና ከኮሌታው መታጠፊያ ጋር ማያያዝ ብዙ ሰዓት ይበላል። ሙጫ ያለውን ማጠንከሪያ በካውያ መለጠፍ ግን የደቂቃዎች ሥራ ነው። በርክክቡ ቀን ሁለቱም ኮት ያምራል። ሙጫው ጥሩ ካልሆነ ወይም በደንብ ካልተተኮሰ ግን ላውንደሪ ደጋግሞ ሲገባ ይለቅና ደረቱ ላይ አረፋ የመሰለ እብጠት ይወጣል። ያንን ካውያ አይመልሰውም። ለማወቅ ከታችኛው ቁልፍ ቀዳዳ በታች የላዩንና የውስጡን ጨርቅ በሁለት ጣት ይዛችሁ ለየት አድርጉት፤ በመሃል የሚንቀሳቀስ ሦስተኛ ጨርቅ ከተሰማችሁ ካንቫሱ ተሰፍቷል። ከላዩ ጋር ተጣብቆ ከመጣ ሙጫ ነው። (ሙጫ ሁሉ መጥፎ ነው አልልም፤ በቅናሽ ዋጋ የሚሠራ ኮት ያለ እሱ አይታሰብም። የካንቫስ ዋጋ ከፍሎ ሙጫ መልበስ ነው የማይገባው።)

ገበርም እንደዚሁ ነው። ርካሹን መርጦ 300 ብር ያተረፈ ሰው፣ ብብቱ ስር ሲቀደድበት ኮቱን አስፈትቶ በአዲስ ገበር ያሰፋል፤ የዚያ የእጅ ዋጋ ብቻውን ካተረፈው ይበልጣል። ክር ደግሞ ከሁሉም ርካሹ ነው፣ ደካማ ከሆነ ግን ሱሪው መቀመጫው ላይ ይተረተራል፤ የሚተረተረው ደግሞ ሰው ፊት ነው።

ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፦ የእጅ ዋጋው ገበርና ቁልፍን ይጨምራል ወይ? ደረቱስ የሚሠራው በስፌት ነው በሙጫ? መልሱን ደረሰኙ ላይ አስጽፉት።