ከባዝ ለሐረር መምህር፦ ሰላምታ የሌለው ምስጋና

ውጭ አገር ያለ ተማሪ ለአገር ቤት መምህሩ የሚጽፈው የአማርኛ ደብዳቤ መልኩ የታወቀ ነው። «ይድረስ» ብሎ ይጀምራል፤ ጤና ይጠይቃል፤ የራሱን ደኅንነት ነግሮ ፈጣሪን ያመሰግናል። የመምህሩ ምስጋና የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ እሱም ብዙ ጊዜ ለየትኛውም መምህር ቢላክ የሚያገለግል ነው። ሰላምታው ቦታውን ስለሚይዝ ምስጋናው ይሳሳል። ሰላምታ ማቅረብ የማይቻልበት ጽሑፍስ ምን ይመስላል?

ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በጣልያን ወረራ ዘመን በእንግሊዝ አገር፣ በባዝ ከተማ በስደት ሳሉ «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» የተባለውን መጽሐፋቸውን ሲያዘጋጁ ሐረር ያስተማሯቸውን አባ ሳሙኤል ወልደ ካህንን አንሥተዋል። ልጅ ተፈሪ ፈረንሳይኛን መጀመሪያ ከጓዴሎፕ ተወላጁ ሐኪም ከዶክተር ቪታሊያን፣ ቀጥሎም ከአባ ሳሙኤል ነበር የተማሩት። መምህሩ በ1907 ዓ.ም. ሐረማያ ሐይቅ ላይ ጀልባ ሰጥማ ሞቱ። ተፈሪም አብረዋቸው ነበሩ፤ እሳቸው ተረፉ።

እንግዲህ ስደተኛው ተማሪ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ሲጽፍ ጤና የሚጠይቀው፣ ምርቃት የሚለምነው መምህር የለውም። የቀረለት የሰውየውን ጠባይ መመስከር ነው። መምህሩን ከአገኙት ሰው ሁሉ እንደ ንብ ዕውቀት የሚለቅሙ፣ ትሑትና ለሥጋ ደስታ የማይጓጉ አድርጎ ይሥላቸዋል። ንቧ ከቤተ ክርስቲያን ድርሰት የመጣች የቆየች ምሳሌ ናት፤ የትሕትናው ውዳሴም የገድል ጠረን አለው። እዚህ ላይ ጽሑፉ ይደክማል እላለሁ። «ከአገኙት ሰው ሁሉ» የሚለው ሐሳብ ግን ያድነዋል። መምህሩ ስላስተማሩት ብቻ ሳይሆን እስከ መጨረሻው ተማሪ ስለነበሩም ይመሰገናሉ፤ ይህን የሚያውቀው አብሮ የኖረ ብቻ ነው።

አልበርት ካሙ እ.ኤ.አ. በ1957 የኖቤል ሽልማት በተሸለመ ጊዜ አልጄርስ ላስተማረው ለሉዊ ዠርመን የጻፈው አጭር ደብዳቤ ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው። ካሙ ምስጋናውን የሚያቀርበው ለድኻው ልጅ ለራሱ ስለተዘረጋው እጅ ነው። ዠርመን በሕይወት ስለነበረም መልስ ጽፎለታል። የካሙ ምስጋና ተማሪው ምን እንደተቀበለ ይነግረናል፤ የባዙ ደግሞ መምህሩ ማን እንደነበረ።

በእኔ ግምት ካሙ በልብ ሙቀት ይበልጣል፤ መምህሩን ሰው አድርጎ በማሳየት ግን የባዙ ጽሑፍ ይልቃል። የባዙ ትልቅ ጉድለት መዘግየቱ ነው፤ አባ ሳሙኤል አላነበቡትም። መምህራችሁ በሕይወት ያሉላችሁ አንባብያን ደብዳቤውን ዛሬ ጻፉ፤ ሰላምታውን አሳጥራችሁ መምህሩ ሲያደርጉት ያያችሁትን አንድ ነገር በዝርዝር ንገሯቸው።