ወፍጮ ቤቱ አምራች ነው ወይስ ነጋዴ? አንድ ድርጅት ብዙ ኮድ ሲይዝ

ቁሐር ሚካኤልንና የፎገራን ሜዳ የምታውቁ ሰዎች ነገሩን ቶሎ ትረዱታላችሁ። ክረምት ላይ ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳው ውሃ ይተኛበታል፤ ሩዙ እዚያው ውሃ ውስጥ ያድጋል። አጨዳና ውቂያው ሲያልቅ ገበሬው ሩዙን ከነቅርፊቱ በጆንያ ሞልቶ ወረታ፣ መንገድ ዳር ወዳሉት መፈልፈያ ቤቶች ይወስደዋል። ማሽኑ ቅርፊቱንና ፉርሽካውን ለይቶ ነጩን ሩዝ ያወጣል። እስካሁን ምንም የሚያከራክር ነገር የለም።

ክርክሩ የሚመጣው “ይህ ቤት ሥራው ምንድን ነው?” ብለን በአንድ ቁጥር እንዲመለስልን ስንፈልግ ነው። የድርጅቶችን መረጃ የሚሰበስብ ሁሉ ለእያንዳንዱ ድርጅት የኢንዱስትሪ ኮድ ይሰጣል። እኔ ምህንድስና ነው የተማርኩት፤ አሁን የማጠናው አነስተኛ ፋብሪካዎች የሚጠቀሙትን ኃይል ነው። መረጃዎችን ከተለያየ ቦታ ሳገናኝ አንዱ ጋ “አምራች” የተባለው ድርጅት ሌላው ጋ “ነጋዴ” ሆኖ አገኘዋለሁ። መጀመሪያ የጸሐፊ ስህተት ይመስለኝ ነበር። ብዙውን ጊዜ ግን ስህተት አይደለም። ሁለቱም ኮዶች ልክ ናቸው፤ ልክ ያልሆነው እኛ ሁለቱን እንደ አንድ ነገር ማንበባችን ነው።

እስቲ አንድ መፈልፈያ ቤት በሐሳባችን እናቋቁም። ባለቤቱ ሦስት ሥራ ይሠራል። አንደኛ፣ የገበሬውን ሩዝ በኩንታል እያስከፈለ ይፈለፍላል፤ ሩዙ የገበሬው እንደሆነ ይቀራል። ሁለተኛ፣ ራሱ ሩዝ ከነቅርፊቱ ይገዛና ፈልፍሎ ይሸጣል። ሦስተኛ፣ ሌሎች የፈለፈሉትን ነጭ ሩዝ ሰብስቦ ገዝቶ ለጎንደርና ለባሕር ዳር ነጋዴዎች በጅምላ ያስረክባል። አንድ ባለቤት፣ አንድ ስም፣ ሦስት ሥራ።

በመጀመሪያ ድንበሩ የት ላይ እንደተሰመረ እንይ። በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ምደባ፣ በተለምዶ አይሲክ በሚባለው፣ አራተኛ እትም ላይ ሩዝ ማብቀል 0112 ነው፤ ሩዝ መፈልፈል ደግሞ 1061፣ ማለትም የእህል ወፍጮ ውጤቶች ማምረት። ይህ ምደባ ሩዙ የማን እንደሆነ አይጠይቅም። በክፍያ የሰው ሩዝ የሚፈለፍልም የራሱን የሚፈለፍልም እኩል 1061 ውስጥ ይገባሉ፤ ምክንያቱም ማሽኑ የሚሠራው ሥራ አንድ ነው።

አሜሪካኖች እስከ 1987ቱ እትም ድረስ በተገለገሉበት የድሮ ምደባ ግን ነገሩ ሌላ ነበር። ሩዝ መፈልፈል 2044 ተብሎ ከማኑፋክቸሪንግ ተመድቦ ሳለ፣ የሰውን እህል በክፍያ መፍጨት ደግሞ 0723 ውስጥ፣ ሰብልን ለገበያ ማዘጋጀት ከሚባለው የግብርና አገልግሎት ጋር ተቀምጦ ነበር። ማሽኑ ያው፣ እህሉ ያው፣ የተለየው የእህሉ ባለቤት ብቻ ነው። በ1997 አሜሪካ፣ ካናዳና ሜክሲኮ በጋራ ያወጡት አዲሱ ምደባ፣ ናይክስ የሚባለው፣ መሠረቱን በአመራረት ሂደት ላይ ስላደረገ ሩዝ መፈልፈልን 311212 ብሎ ለብቻው አቆመው። “ታዲያ የድሮው ሞቷል፤ ምን ያደርግልናል?” ትሉ ይሆናል። አልሞተም። የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ኩባንያዎችን እስከ ዛሬ የሚመዘግበው በእሱ ነው።

ለአክሲዮን ገዢዎች የተሠራው ጂክስ ደግሞ ፈጽሞ ሌላ ነገር ይጠይቃል። በገበያ የተመዘገቡ ኩባንያዎችን ስለሚመድብ የእኛን መፈልፈያ ቤት አያውቀውም፤ ግን ቢያውቀው ብለን እናስብ። ምግብ አቀነባብሮ ነገር ግን አሽጎ በራሱ ስም ለገበያ የማያቀርብ ኩባንያ 30202010፣ የግብርና ምርቶችና አገልግሎቶች ውስጥ ይገባል። አሽጎ ለሸማቹ የሚያቀርበው 30202030፣ የታሸጉ ምግቦች ውስጥ ነው። ስለዚህ እዚህ ድንበሩን የሚያሰምረው ማሽኑም የእህሉ ባለቤትነትም ሳይሆን ከረጢቱ ነው። ሩዙን በተራ ጆንያ የሚሸጠው ከእርሻ ጋር ሲቆጠር፣ ስሙን ባተመበት ባለ አንድ ኪሎ ፌስታል የሚሸጠው ከምግብ ፋብሪካ ጋር ይቆጠራል።

ሁለተኛው ጉዳይ መለኪያው ነው። ድርጅቱ ሦስት ሥራ ካለው ዋናው የትኛው ነው? የሚከተሉት ቁጥሮች ለማስረዳት ብዬ ራሴ ያስቀመጥኳቸው ናቸው፤ የማንም ቤት ሒሳብ አይደሉም። በዓመት ውስጥ በክፍያ ከመፈልፈል 700,000 ብር ይገባል፤ ለመብራት፣ ለመለዋወጫና ለመሳሰለው 300,000 ይወጣል። ራሱ ገዝቶ ከሚፈለፍለው 5,000,000 ይሸጣል፤ ለሩዝ መግዣና ለሌላ ግብዓት 4,750,000 ያወጣል። ከጅምላ ንግዱ 6,000,000 ይሸጣል፤ ለዕቃው መግዣና ለማጓጓዣ 5,500,000 ያወጣል።

በሽያጭ ከለካን መፈልፈሉ በድምሩ 5,700,000፣ ንግዱ 6,000,000 ነው። ቤቱ ነጋዴ ነው፤ በአይሲክ 4630፣ የምግብ ጅምላ ንግድ። አይሲክ ራሱ የሚመክረው ግን በተጨመረ እሴት መለካትን ነው፤ ማለትም ከሽያጩ ላይ ከውጭ የተገዛው ግብዓት ተቀንሶ የሚቀረውን። እንቀንስ። በክፍያ መፈልፈሉ 400,000፣ ራሱ ገዝቶ መፈልፈሉ 250,000፣ ንግዱ 500,000 ይቀረዋል። መፈልፈሉ በድምሩ 650,000 ስለሆነ ንግዱን ይበልጣል። ቤቱ አምራች ሆነ፤ 1061።

አሁን መለኪያውን ሳንነካ ድንበሩን ብቻ ወደ ድሮው የአሜሪካ ምደባ እንመልሰው። በክፍያ የሚሠራው 400,000 ወደ ግብርና አገልግሎት ይሄዳል፤ ማኑፋክቸሪንግ በ250,000 ብቻውን ይቀራል፤ ንግዱ 500,000 ይዞ ያሸንፋል። ቤቱ እንደገና ነጋዴ ሆነ! አንድ ብር ሳይጨምር፣ አንድ ኩንታል ሳይቀንስ።

ሦስተኛው ጉዳይ ኮዱ የተሰጠው ለማን ነው የሚለው ነው። ባለቤቱ መጋዘኑን ከመፈልፈያው ራቅ አድርጎ ሌላ ቦታ ቢከፍት፣ ናይክስ እያንዳንዱን የሥራ ቦታ ለየብቻ ኮድ ይሰጠዋል፤ መፈልፈያው አምራች፣ መጋዘኑ ነጋዴ ይሆናሉ። ጂክስ ግን ጠቅላላውን ኩባንያ በአንድ ኮድ ይጠቀልለዋል። በእኛ አገር ደግሞ የንግድ ፈቃድ የሚሰጠው በሥራው ዓይነት ስለሆነ አንዱ ባለቤት ሁለትና ሦስት ፈቃድ፣ በዚያው ልክ ሁለትና ሦስት ኮድ ሊይዝ ይችላል። የፈቃዱን ዝርዝር ቆጥሮ “ይህን ያህል ድርጅት አለ” የሚል ሰው የቆጠረው ፈቃድ እንጂ ድርጅት አይደለም። የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱ የትላልቅና መካከለኛ ማኑፋክቸሪንግ ጥናት በበኩሉ በሞተር ኃይል የሚሠሩና አሥርና ከዚያ በላይ ሰው ያላቸውን ነው የሚይዘው። ሰባት ሠራተኛ ያለው መፈልፈያ ቤታችን ኮዱ 1061 ቢሆንም እዚያ ዝርዝር ውስጥ አይገኝም፤ የአነስተኛዎቹ ጥናት ነው የሚመለከተው።

እንግዲህ ቅሬታዬን ልናገር። ተመራማሪዎች፣ እኔም ጭምር፣ ይህን ሁሉ በማዛመጃ ሰንጠረዥ የምንገላገለው ይመስለናል። ሰንጠረዡ በአንድ በኩል 311212፣ በሌላ በኩል 1061 ይጽፋል፤ እኛም ኮዱን ለውጠን እንቀጥላለን። ሰንጠረዡ የሚያዛምደው ግን ምድብን ከምድብ ጋር ነው እንጂ ድርጅትን ከድርጅት ጋር አይደለም። ድርጅቱ በሽያጭ ተለክቶ “ነጋዴ” ተብሎ ከተመዘገበ ሰንጠረዡ በታማኝነት ወደ ሌላ የንግድ ኮድ ያሻግረዋል፤ መፈልፈያ ማሽን እንዳለው የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ከዚህም ሌላ መንገዱ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያስኬድ ነው። ከ311212 ወደ 1061 መሄድ ቀላል ነው። ከ1061 መመለስ ግን አይቻልም፤ ምክንያቱም 1061 ውስጥ የስንዴ ዱቄት ፋብሪካውም የሩዝ መፈልፈያውም አብረው ናቸው። መረጃችሁ አራት አኃዝ ላይ ካቆመ የፎገራ ሩዝ ከዱቄቱ ጋር ተቀላቅሎ ይጠፋል። አይሲክ አገሮች እንደ ፍላጎታቸው ተጨማሪ አኃዝ እንዲጨምሩ የሚፈቅደውም ለዚህ ነው።

ይህ የወረቀት ጣጣ ብቻ አይደለም። መፈልፈያ ቤታችን በዓመት 30,000 ኪሎዋት ሰዓት መብራት ተጠቀመ እንበል። ከሞላ ጎደል ሁሉንም የሚበላው ማሽኑ ነው። ቤቱ “ነጋዴ” ከተባለ ግን 30,000ውም በንግድ ዘርፍ ይመዘገባል። እንዲህ ያሉ ብዙ ቤቶች ሲደመሩ ማኑፋክቸሪንግ ኃይል የማይፈልግ፣ ንግድ ደግሞ ኃይል የሚያባክን መስሎ ይታያል። ያንን ሠንጠረዥ ይዞ ለወረታ ምን ያህል ትራንስፎርመር እንደሚያስፈልግ የሚያቅድ ባለሙያ ሲሳሳት ጥፋቱ የእሱ አይደለም።

ችግሩ እናንተ መረጃ ውስጥ እንዳለ በምን ታውቃላችሁ? እኔ ሦስት ምልክት እፈልጋለሁ። አንደኛው፣ “ነጋዴ” የተባለ ድርጅት የመብራት ፍጆታው ከሌሎች ነጋዴዎች እጅግ ሲበልጥ ነው፤ ሱቅ ያን ያህል አይበላም። ሁለተኛው፣ አንድ ድርጅት ሠራተኛውም ማሽኑም ሳይለወጥ ኮዱ ከዓመት ዓመት ሲገለባበጥ ነው። በምሳሌያችን በሽያጭ በኩል ልዩነቱ 300,000 ብር ብቻ ነበር፤ የሩዝ ዋጋ ትንሽ ከፍ ዝቅ ሲል ወይም አንድ የጅምላ ገዢ ሲቀር ኮዱ ይዞራል። ይህን ዓይነቱን መገለባበጥ አይቶ “አምራቾች ወደ ንግድ ፈለሱ” ብሎ መጻፍ ከባድ ስህተት ነው። ሦስተኛው፣ ከሽያጩ አንጻር የተጨመረው እሴት በጣም ትንሽ ሆኖ ሳለ “አምራች” የሚል ኮድ ማየት ነው፤ ምናልባት አብዛኛው ሽያጭ የተገዛ ዕቃ ሊሆን ይችላል።

መፍትሔው የተሻለ ሰንጠረዥ መፈለግ አይመስለኝም። ኮዱ ከመሰጠቱ በፊት የነበሩትን ሦስት መስመሮች፣ ማለትም የእያንዳንዱን ሥራ ሽያጭና ግብዓት፣ አለመጣል ነው። እነሱ ካሉ የትኛውንም ኮድ በፈለግንበት ጊዜ መልሰን ማስላት እንችላለን። ከኮዱ ተነስተን ግን መስመሮቹን አናገኛቸውም። በዚህ ረገድ በሥራ ዓይነት የሚሰጠው የእኛው ፈቃድ፣ ቆጠራውን ቢያወሳስብም፣ ከአንድ ኮድ የበለጠ እውነት ይናገራል፤ በአንድ የግብር ከፋይ ቁጥር ሥር ሰብስቦ ለሚያነበው ሰው ቤቱ ሦስት ሥራ እንዳለው አይደብቅም። መጠኑን ግን እሱም አይነግረንም።

እስከዚያው፣ አንድ ድርጅት ሁለት ኮድ ይዞ ስታገኙት አንዱን ለመሰረዝ አትቸኩሉ። የማን ዕቃ ነው ተብሎ ነው የተጠየቀው? በምን ተለካ? ቤቱ ነው ወይስ ባለቤቱ የተቆጠረው? ቁሐር ሚካኤል ያለው ገበሬ እነዚህን ሦስቱን ጥያቄዎች ጆንያውን ከጋሪ ሳያወርድ ይመልስላችኋል። “ማስፈልፈል ነው ወይስ መሸጥ?” ሲሉት የትኛው በር እንደሚገባ ያውቃላ።