ሽቶ የሚያረጀው ከአናቱ ነው

አክስቴ የሻሊማር ብልቃጣቸውን ከቁም ሳጥኑ ጥግ አውጥተው ክዳኑን አንዴ አሸተቱና ፊታቸውን አዞሩ። «ኮምጥጧል ልጄ፤ ድፊው» አሉኝ። እኔ ግን ልደፋው አልቻልኩም። ብልቃጡን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋሁት። እግር ባለው ጽዋ ላይ የተዘረጋ ክንፍ ይመስላል፤ ፈረንሳዮቹ ሰብሳቢዎች «የሌሊት ወፍ» ይሉታል። ክዳኑ እንደ ማራገቢያ የተከፈተ ሰማያዊ ብርጭቆ ነው። ቅርጹን የነደፈው ሬይሞን ጌርላን ሲሆን በባካራ የብርጭቆ ፋብሪካ ተሠርቶ በ1925 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) በፓሪሱ የጌጥ ጥበባት ዐውደ ርእይ ለዕይታ ቀርቧል። ሽቶውን የቀመመው ዣክ ጌርላን ነው።

የአክስቴ ብልቃጥ የዚያን ዘመን ሳይሆን ከብዙ ዐሥርት ዓመታት በኋላ የተገዛ ነው። ሲገዙት ክዳኑና አንገቱ ከከብት አንጀት በተዘጋጀ ስስ ሽፋን ተጠቅልለው በክር ታስረው ነበር። እንዲህ ዓይነቱን እሽግ በጌርላን ቤት እስከ ዛሬ በእጃቸው የሚያስሩ ሠራተኞች አሉ። ክዳኑ ከአንገቱ ጋር እንዲገጥም ተሞርዷል፤ ሆኖም ሽፋኑ አንዴ ከተቀደደ በኋላ ብርጭቆ ከብርጭቆ ጋር ምንም ያህል ቢገጥም አልኮሉ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ማምለጡ አይቀርም። አሁን የቀረው ከግማሽ በታች ነው። ወርቃማ የነበረው ቀለሙም ጠቁሮ የበረታ ሻይ መስሏል።

ብዙ ሰው አሮጌ ሽቶን የሚጥለው በዚህ ቀለም ምክንያት ነው፤ ይህ ስሕተት ይመስለኛል። ሻሊማር በቫኒላ የተሞላ ሽቶ ነው። የቫኒላ መዓዛ የሚሰጠው ቫኒሊን ደግሞ ዕድሜ ሲጨምር ይጠቁራል፤ መዓዛው ግን አብሮ አይጠፋም። እኔን የሚያሳስበኝ ጥቁረት ሳይሆን ድፍርስነት ነው። ፈሳሹ ጥርት ብሎ ከጠቆረ ተስፋ አለው። እንደ አጥሚት ከደፈረሰ ግን ውስጡ የተለያየ ነገር አለ ማለት ነው፤ ምናልባት ውኃ ወይም ሌላ ሽቶ ተጨምሮበታል። የአክስቴን ብልቃጥ በነጭ ወረቀት ፊት ይዤ አየሁት። ጠቁሯል፣ ግን ያሳልፋል። ከሥሩ ጥቂት ዝቃጭ አለ፤ እሱን ሳላናውጥ ተውኩት።

ክዳኑን ማሽተትም ያሳስታል። ክዳኑ ከአንገቱ ጋር በሚገጥምበት ጠርዝ ላይ የቀረችው ስስ ጠብታ ለዓመታት አየር ስትጠጣ የኖረች ናት፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ከብልቃጡ ሆድ የከፋ ትሸታለች። አክስቴን ያሳሳተቻቸው እሷ ናት።

ለምን እንዲህ እንደምትሸት ለመረዳት የሽቶውን አሠራር ማየት ያስፈልጋል። የሽቶ ቀማሚዎች አንድን ሽቶ አናት፣ ልብና መሠረት እያሉ ይከፍሉታል። አናቱ ቶሎ የሚበርረው ነው፤ መሠረቱ እስከ ማግስቱ ቆዳ ላይ የሚቆየው። የሻሊማር አናት ቤርጋሞት ነው። በደቡብ ጣሊያን በካላብሪያ የሚበቅል የሎሚና የባሕረ ሎሚ ዘመድ ሲሆን ዘይቱ ከቅርፊቱ ይጨመቃል። ዣክ ጌርላን የቅመሙን ሲሶ ያህል ለእሱ ሰጥቷል ይባላል። ይህ ለአናት በጣም ብዙ ነው፤ ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው። ከታች ያስቀመጠው ከባድ ነገር ነው፦ ቫኒላና ከቫኒሊን ይልቅ የሚበረታው ኤቲል ቫኒሊን፣ የከርቤ ዘመድ የሆነው የኦፖፖናክስ ሙጫ፣ የአይሪስ ሥር፣ ጭስ የነካው ቆዳ የሚመስል ጠረንና የጥርኝ ዝባድ። ያን ሁሉ ጣፋጭ ክብደት ያለዚያ ሁሉ ሎሚ መሸከም አይቻልም። ጥበቡ ያለው በሁለቱ ሚዛን ውስጥ ነው።

ዝባዱ የእኛው አገር ነው። በጅማና በአካባቢው ጥርኝን በጠባብ ጎጆ እየመገቡ ዝባዷን የሚፍቁ ሰዎች በከብት ቀንድ ሞልተው ለነጋዴ ይሸጡ ነበር፤ ያ ቀንድ ብዙ እጅ አልፎ የፈረንሳይ ሽቶ ቀማሚዎች ዘንድ ይደርስ ነበር። ጥሬው ዝባድ አፍንጫ የሚያስይዝ ነው። በአልኮል በብዙ እጥፍ ቀጥኖ ሲያርፍ ግን የሞቀ ቆዳ ጠረን ይሆናል፤ ሌሎቹን መዓዛዎችም ያያይዛቸዋል። የጥርኟ እስር ያስከተለው ተቃውሞና የአቅርቦቱ ችግር ተደማምረው ዛሬ የሽቶ ቤቶች በአብዛኛው በሰው ሠራሽ ምትክ ይሠራሉ። የአክስቴ ብልቃጥ ግን ከዚያ በፊት የተሞላ ነው።

እንግዲህ ዕድሜ እነዚህን ሁሉ እኩል አይነካቸውም። የቤርጋሞት ዘይት ዋና ዋና ክፍሎች ሊሞኔን፣ ሊናሊል አሲቴትና ሊናሉል ናቸው። ሊሞኔንና ሊናሉል ኦክስጅን ሲነካቸው ይለወጣሉ፤ ትኩስ የቅርፊት ሽታው ይደበዝዝና በቦታው ቫርኒሽ ወይም ተርፐንታይን የሚመስል ነገር ይመጣል። ሊናሊል አሲቴት ደግሞ በአልኮሉ ውስጥ ባለችው ጥቂት ውኃ ቀስ እያለ ሲፈርስ የኮምጣጤውን አሲድ ይለቃል። አክስቴ «ኮምጥጧል» ያሉት እንዲሁ ለአባባል አይደለም፤ አፍንጫቸው ያገኘው እውነተኛ ኮምጣጤ ሊሆን ይችላል። ሙጫዎቹ፣ ቫኒላውና ዝባዱ ግን ከባድና ዝግተኛ ናቸው። የዝባድ ዋና ጠረን የሆነው ሲቬቶን ዐሥራ ሰባት ካርቦን በቀለበት የተያያዙበት ትልቅ ሞለኪውል ነው፤ በቀላሉ አይተንም። ሽቶ እንግዲህ የሚያረጀው ከአናቱ ወደ ታች ነው። የሎሚና የብርቱካን ውኃ ብቻ የሆነ ቀላል ኮሎኝ ሲያረጅ ምንም የሚቀረው የለም፤ ሁለመናው አናት ነበርና። ሻሊማር ግን ብዙ የሚያተርፍ አካል አለው።

ክዳኑ ተጣብቆ ነበር። በጉልበት ማዞር አንገቱን ይሰብራል። በለብታ ውኃ የራሰ ጨርቅ አንገቱ ላይ ብቻ ጠቀለልኩ፤ አንገቱ ሲሞቅ ከክዳኑ ቀድሞ ይለጠጣል። ከዚያ ክዳኑን በእንጨት ማንኪያ ጎንና ጎኑን ቀስ ብዬ መታ መታ አደረግሁት። በሦስተኛው ሙከራ ለቀቀ።

ቆዳዬ ላይ አላደረግሁትም። አንዲት ጠብታ በነጭ ወረቀት ቁራጭ ጫፍ ላይ አኖርኩና ሰዓቱን ጻፍኩ። በሌላ ቁራጭ ላይ ከቅርብ ጊዜ የተገዛ ሻሊማር አንድ ጠብታ አደረግሁ። አዲሱ የድሮው ግልባጭ አይደለም፤ ቅመሙ ባለፉት ዐሥርት ዓመታት ብዙ ተለዋውጧል። የፈለግሁት ግን ቤርጋሞቱ የት መቆም እንዳለበት የሚያሳየኝ ነገር ነው።

የመጀመሪያው ደቂቃ አስቀያሚ ነበር፤ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያና የተቃጠለ ስኳር። በዚህ ደቂቃ የሚፈርድ ሰው ሁልጊዜ ብልቃጡን ይደፋዋል። በዐሥረኛው ደቂቃ ቫርኒሹ ሳሳ። በሃያ አምስተኛው ጠፋና አይሪሱ ታየ፤ ደረቅ፣ ቀዝቃዛ፣ ዱቄት ዱቄት የሚል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ቆዳው፣ ሙጫውና ቫኒላው ተገናኝተው ዝባዱ ከሥራቸው ሞቅ ብሎ ተሰማኝ። አዲሱ ወረቀት በዚያ ሰዓት ንጹሕና ጣፋጭ ነበር። አሮጌው ግን ጥልቀት ነበረው፤ ጣፋጩ ከጭሱ ውስጥ እየወጣ ይገባል።

እኔ የምይዘው መስመር ግማሽ ሰዓት ነው። የቫርኒሹ ወይም የኮምጣጤው ሽታ ከግማሽ ሰዓት በኋላም ካለ፣ ጉዳቱ ከአናቱ አልፎ ልቡ ደርሷል ማለት ነው፤ ያ ሽቶ ብልቃጡ ለጌጥ ይቀመጥ እንጂ አይቀባም። የቆየ የምግብ ዘይት ሽታ ከመጣም እንደዚያው። ከዚህ የሚከብደው ጥያቄ ግን የሚዛኑ ነው። መሠረቱ ተርፎም ሽቶው ላይቆም ይችላል፤ ሎሚው የሌለው ቫኒላ እንደ ኬክ ቤት ሊያፍን ይችላልና። የአክስቴን ያዳነው ጭሱና ዝባዱ ናቸው። ቤርጋሞቱ ይይዘው የነበረውን ጣፋጭ አሁን እነሱ ይዘውታል። ዣክ ጌርላን ያሰበው ሻሊማር እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ አናቱ የጎደለው፣ ጠቆር ያለ፣ የምሽት ሻሊማር ነው። ግን ቆሟል። ትኩስ የቤርጋሞት ዘይት ጨምረው «የሚያድሱ» ሰዎች አሉ፤ እኔ አልደግፈውም። የተጨመረው በሩብ ሰዓት ሲበር የነበረውን ክፍተት ይበልጥ ያሳያል።

የቀረኝ ቆዳዬ ላይ መሞከር ነበር። የተበላሸ ሊናሉልና ሊሞኔን ቆዳን የሚያስቆጡ አለርጂ አምጪዎች ናቸው። ስለዚህ በክርኔ ውስጠኛ ክፍል አንዲት ጠብታ አድርጌ ሁለት ቀን ጠበቅሁ፤ አላሳከከኝም፣ አልቀላም። የድሮ ቤርጋሞት ደግሞ ቤርጋፕተን የሚባል ነገር አለው፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ቆዳን አቃጥሎ ጥቁር ምልክት ይተዋል። ዛሬ ከዘይቱ ይወጣል፤ በድሮው ብልቃጥ ውስጥ ግን አለ። በጠራራ ፀሐይ አንገት ላይ አይደረግም ማለት ነው።

በቬርሳይ በ1990 የተመሠረተው ኦስሞቴክ የተባለ የሽቶ ቤተ መዛግብት ስብስቡን በ12 ዲግሪ፣ በጨለማ ያስቀምጣል፤ ከብልቃጡ ውስጥም አየሩን በአርጎን ጋዝ ይተካዋል። እኔ አርጎን የለኝም። ዝቃጩን ከሥሩ ትቼ ፈሳሹን በመርፌ ወደ ሦስት ትንንሽ ጥቁር ብልቃጦች እስከ አፋቸው ሞልቼ ገለበጥኩት፤ አየር የሚቀመጥበት ቦታ እንዳይኖር። ሁለቱ ቁም ሳጥን ውስጥ ከልብስ ሥር ገቡ። መታጠቢያ ቤት አይታሰብም፤ ሙቀቱ በየቀኑ ይወጣል ይወርዳል።

በማግስቱ ጠዋት ወረቀቱን ለአክስቴ ወሰድኩላቸው። ምን እንደሆነ አልነገርኳቸውም። አሸተቱ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ደግመው አሸተቱ። «ይኼማ የኔ ነው» አሉ።

ማታ ሠርግ ነበራቸው። ቤት ከመውጣታቸው ከአርባ ደቂቃ በፊት ከጆሮአቸው ኋላ አንድ አንድ ጠብታ አደረግሁላቸው፤ ቫርኒሹ እቤት እንዲቀር። ነጠላቸውን ሊያነሡ እጃቸውን ሲዘረጉ ያዝኳቸው። ያ የሻይ ቀለም ነጭ ጥበብ ላይ ካረፈ አይለቅም። እስኪደርቅ ድረስ ነጠላውን እኔ ይዤላቸው ቆምኩ።