ቆጣሪው በሌላ ሰው እጅ ሲሆን

ለክላውድ አቅራቢ የሚጻፍ የቢል አቤቱታ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው «ይህን ያህል አልተጠቀምንም» ብሎ ሲጀምር ነው። ቆጣሪው ያለው በእነሱ እጅ ነው፤ «ተጠቅማችኋል» ብለው በአንድ መስመር ይዘጉታል። እኔ ለደንበኞቼ ደብዳቤ ሳረቅ ክርክሩን አቆይቼ መጀመሪያ ዝርዝሩን እጠይቃለሁ።

በወር 200 ዶላር አካባቢ ይከፍል ለነበረ አንድ የአዲስ አበባ ድርጅት የሴፕቴምበር ቢል 1,100 ዶላር ሆኖ መጣ። ጭማሪው 900 ዶላር «የኔትወርክ አገልግሎት» ከሚል ነጠላ መስመር በቀር ማብራሪያ አልነበረውም። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ናት ጌትዌዩን ነው፤ በአቅራቢው የዋጋ ገጽ ላይ፣ በእሱ ለሚያልፍ ለእያንዳንዱ ጊጋባይት 4.5 ሳንቲም ይከፈላል። 900 ዶላር ለዚህ ሲካፈል 20,000 ጊጋባይት ይወጣል። ድርጅቱ ደግሞ ይህን ያህል ትራፊክ የሚያመጣ ደንበኛ የለውም። ደብዳቤው እንዲህ ወጣ፦

«በሴፕቴምበር ቢል ‹የኔትወርክ አገልግሎት› ተብሎ የተጠየቅነውን 900 ዶላር እስኪጣራ ድረስ አልተቀበልነውም። የቀረውን 200 ዶላር ዛሬ ከፍለናል። የ900 ዶላሩ ስሌት በየሰዓቱ ተዘርዝሮ፣ የጌትዌዩ መለያ፣ ያለፈው ጊጋባይትና የነጠላ ዋጋው ተጽፎበት እንዲላክልን እንጠይቃለን። እስከዚያው አገልግሎቱ እንደማይቋረጥ በጽሑፍ እንድታረጋግጡልን በአክብሮት እናሳስባለን።»

ያልተከራከሩበትን ገንዘብ መክፈል ትሕትና ብቻ አይደለም፤ ጉዳዩ «ሂሳብ ያልከፈለ ደንበኛ» ወደሚባለው መዝገብ እንዳይገባ ያደርጋል። ዳታው ወዴት እንደሄደ ግን ሆን ብዬ አልጠየቅሁም። የቢል ክፍሉ የሚያውቀው መጠኑን ነው። መድረሻው የሚገኘው ደንበኛው ራሱ አስቀድሞ ባበራው የትራፊክ መዝገብ ውስጥ ነው፤ ካልበራ ወደ ኋላ ተመልሶ ማግኘት አይቻልም።

ሠንጠረዡ ሲመጣ ሰዓቱ በዩቲሲ ነበር። በ20 ሌሊቶች፣ በየሌሊቱ 1,000 ጊጋባይት፣ ሁልጊዜ 23:00 ላይ ይጀምራል። ሦስት ሰዓት ሲጨመርበት በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 8 ሰዓት፣ ቀኑም የማግስቱ ነው። ይህን ሳያስተካክል ከራሱ መዝገብ ጋር የሚያስተያይ ሰው ሌሊቱን በአንድ ቀን ይስተዋል።

ከሌሊቱ 8 ሰዓት የድርጅቱ ባካፕ የሚነሳበት ሰዓት ነው። ባካፑ የሚቀመጠው እዚያው አቅራቢ ዘንድ፣ በዚያው ሪጅን ባለ ማከማቻ ውስጥ ነው፤ ሰርቨሩ ግን ከውስጥ ኔትወርክ የሚወጣበት ሌላ መንገድ ስላልተዘጋጀለት ሁሉም በጌትዌዩ በኩል አለፈ። ወደ ማከማቻው በቀጥታ የሚያደርስ፣ በጊጋባይት የማይከፈልበት ኢንድፖይንት ነበር፤ የከፈተው ሰው አልነበረም።

ቆጠራው ትክክል ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። ሁለተኛው ደብዳቤ ስለዚህ ስለ ስህተት አያወራም፦ ኢንድፖይንቱ የተከፈተበትን ቀን፣ ከዚያ ወዲህ መስመሩ ወደ ዜሮ መውረዱን የሚያሳየውን ሠንጠረዥ አያይዞ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የደረሰ መሆኑን ጠቅሶ ክሬዲት ይጠይቃል። አቅራቢው ከፊሉን ፈቀደ፤ የቀረውን ድርጅቱ ከፈለ።