ኤፕሪል 26 እና ሜይ 1

የትሩ ዲቴክቲቭን የመጀመሪያ ምዕራፍ አይታችሁ ከሆነ እንደገና እዩት፤ ካላያችሁትም ዛሬ ማታ ጀምሩት! ሁለት መርማሪዎች በ1995 ሉዊዚያና ውስጥ ስለያዙት የግድያ ጉዳይ በ2012 ይጠየቃሉ፤ ታሪኩም በሁለቱ ዓመታት መካከል ይመላለሳል፣ በመሃል ደግሞ 2002 ይገባበታል። ብዙ ተመልካች የሚደናገረው ዓመቶቹን ለመለየት ሲሞክር ነው። እኔን ግን ከመቀመጫዬ ያስነሳኝ ከዓመቶቹ ይልቅ ሁለት ቀኖች ናቸው። የምርመራው ቪዲዮ ምስል ላይ ታትመው ገና ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ ፊታችን ተደቅነዋል፦ የራስት ኮል ቃል የተቀረጸው ኤፕሪል 26፣ የማርቲ ሃርት ደግሞ ሜይ 1፣ 2012 ነው።

አምስት ቀን! ፊልሙ ሁለቱን ሰዎች እያፈራረቀ ሲያሳየን፣ አንዱ የጀመረውን ሌላው የሚጨርስ ሲመስል፣ በአንድ ሰዓት በሁለት ክፍል ተቀምጠው የሚጠየቁ ይመስለናል። አይደለም። ማርቲ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ የራስት ቃል በሙሉ አስቀድሞ ተቀርጿል። ጠያቂዎቹ ጊልቦ እና ፓፓኒያ እያንዳንዱን የማርቲ ዓረፍተ ነገር ማርቲ ራሱ ካላየው ቴፕ ጋር እያመሳከሩ ነው የሚሰሙት። የድሮው ፋይል በ2005ቱ ሪታ አውሎ ነፋስ ጠፍቶብናል፣ እንደ አዲስ አስረዱን ማለታቸው ጨዋ ጥያቄ ይመስላል። ይህን ካወቃችሁ በኋላ ግን ማርቲ ስለ ጓደኛው ጠባይ ሲጠየቅ የጊልቦን ፊት ተመልከቱ፤ ዓይኑ ላይ መልሱን የሚያውቅ ሰው ትዕግሥት ታያላችሁ።

ደግሞ ጥንቃቄያቸው! ራስት ዛሬ ሐሙስ ነው፣ የዕረፍት ቀኔ ነው፣ በዕረፍት ቀኔ እጠጣለሁ ብሎ ቢራ ያስመጣል። የ2012ን የቀን መቁጠሪያ ገልጣችሁ ኤፕሪል 26ን ፈልጉት፤ እውነትም ሐሙስ ነው። ስምንቱንም ክፍል የጻፈው ኒክ ፒዞላቶ፣ ስምንቱንም ያዘጋጀው ኬሪ ጆጂ ፉኩናጋ ነው። ታሪኩ ከአንድ ጸሐፊና ከአንድ አዘጋጅ እጅ ስላልወጣ ይመስለኛል እንዲህ ያለ ክር የትም ሳይበጠስ የሚዘልቀው።

አሁን ወደ አምስተኛው ክፍል እንሂድ፤ የዚህ ሁሉ ልብ እዚያ ነው። (ያላየ ሰው ይህንና የሚቀጥለውን አንቀጽ ይዝለል፤ የዋናውን ገዳይ ማንነት ግን አልናገርም።) ሁለቱ መርማሪዎች በ1995 ጫካ ውስጥ የተደበቀውን ተጠርጣሪ ሬጂ ሌዱን እንዴት እንደደረሱበት ይጠየቃሉ። ራስት ይተርካል፦ ገና ሲጠጉ ተኩስ ተከፈተባቸው፣ ጥይት እንደ በረዶ ወረደባቸው፣ ተከላክለው ገደሉት። ማርቲም ይህንኑ ይተርካል። ድምፃቸው ይህን ሲናገር ግን ምስሉ ሌላ ነገር ያሳየናል። ጫካው ጭጭ ያለ ነው። ሁለቱ ሰዎች የተጠመደ ፈንጂ እየፈሩ እግራቸውን እየመረጡ ይራመዳሉ። ሌዱን የሚይዙት አንዲት ጥይት ሳይተኮስ ነው፤ እጁ በካቴና ታስሮ ተንበርክኳል። ማርቲ ወደ ውስጥ ይገባል፣ የታገቱትን ሁለት ሕፃናት ያያል፣ ይወጣል፣ የታሰረውን ሰው ጭንቅላቱን በጥይት ይመታዋል። ራስት ያን ጊዜ አይጮህም፣ አይከራከርም፤ ካቴናው እንዲፈታ ያደርግና የሌዱን ጠመንጃ አንስቶ ዛፎቹን በጥይት ይበሳሳል። የተኩስ ልውውጥ የተደረገ እንዲመስል ማስረጃ እየሠራ ነው።

እስከዚህች ደቂቃ ድረስ ያለፈው ዘመን ምስል ሁሉ የተናጋሪው ቃል ሥዕል ይመስለን ነበር። እዚህ ላይ ቃልና ምስል ሲለያዩ ካሜራው የማንም ምስክር እንዳልሆነ እናውቃለን፤ ያሳየን የነበረው የሆነውን ነው፣ የተባለውን አይደለም። አሁን አምስቱን ቀን አምጡና እዚህ ላይ አስቀምጧቸው። እነዚህ ሰዎች በ2002 ተጣልተው ከተለያዩ አሥር ዓመት አልፏቸዋል። አንዱ ሐሙስ፣ ሌላው በሚቀጥለው ማክሰኞ፣ ለየብቻ ተቀምጠው ከ17 ዓመት በፊት የተስማሙበትን ውሸት ቅንጣት ሳያዛንፉ ይደግሙታል። ጠያቂዎቹ ስንጥቅ ፍለጋ ነው የመጡት፤ ስንጥቅ የለም። ስለ ወዳጅነት በዚህ ፊልም ውስጥ አንድም ሰው ቁጭ ብሎ አይሰብክም፤ ይህ አንድ ትዕይንት ግን ከማንኛውም ንግግር በላይ ሁለቱ ሰዎች ምን ያህል እንደተሳሰሩ ነገረኝ።

ዓመቶቹን መለየት የሚከብደውም ከዚሁ ክፍል ጀምሮ ነው። 2012ን ማንም አይስተውም፤ ራስትን ሆኖ የሚጫወተው ማቲው ማኮናሄ ጸጉሩን አስረዝሞና ጢሙን አንዠርጎ ሲመጣ፣ ማርቲን ሆኖ የሚጫወተው ውዲ ሃረልሰን ራሱ ተመልጦ ሲታይ ዘመኑ ግልጽ ነው። 1995 እና 2002 ግን ይመሳሰላሉ፣ ሁለቱም ሰዎች ያው ሸሚዝና ክራባት ናቸው። እዚህ ላይ መርማሪዎቹን ትታችሁ የማርቲን ሴቶች ልጆች ተከተሉ። በ1995 ሕፃናት ናቸው፣ በ2002 ኮረዶች። ሽግግሩንም ፉኩናጋ በጽሑፍ አያበስርም፦ ልጆቹ በግቢው ውስጥ ሲጫወቱ የመጫወቻ ዘውድ ወደ ላይ ተወርውሮ ዛፍ ላይ ይሰቀላል፣ ዓይናችንም ተከትሎት ይወጣል፤ ወደ መሬት ስንመለስ ሰባት ዓመት አልፏል። በአንድ ዛፍ ቁመት! ሌላም አለ፤ በስድስተኛው ክፍል ማርቲና ራስት በ2002 ሲደባደቡ የራስት መኪና የኋላ መብራት ይሰበራል። በ2012 ሁለቱ መንገድ ላይ ሲገናኙ ያን መብራት እዩት፤ ያው እንደተሰበረ ነው። አሥር ዓመት ያላስጠገነው ለምን እንደሆነ ፊልሙ አይነግረንም፣ እኛም ሰውየውን ስለምናውቀው አንጠይቅም።

ይህ መገናኘትም በሁለቱ ቀኖች ዓይን ሲታይ ሌላ መልክ ይይዛል። ራስት ጠያቂዎቹን ጥሎ የወጣው በአምስተኛው ክፍል መጨረሻ ነው፣ ማርቲ የሚወጣው በስድስተኛው። በተከታታይ ስናያቸው ራስት ገና በር ላይ ያለ ይመስለናል። እርሱ ግን ከወጣ አምስት ቀን ሆኖታል። ስለዚህ ማርቲ መኪናውን እየነዳ ሲሄድ ከኋላው የሚመጣው ሰው በአጋጣሚ የተገኘ አይደለም። ያን ሁሉ ቢራ እየጠጣ ሲለፈልፍ የነበረው ሰው ቃል ሊሰጥ ብቻ አልመጣም ነበር፤ ፖሊሶቹ ምን እንደያዙ ሊያይ ነው የመጣው፣ አይቶም ሄዷል።

ስድስተኛው ክፍል ላይ ደግሞ የማርቲ የቀድሞ ሚስት ማጊ ተጠርታ ትጠየቃለች። ሁለቱ ሰዎች ለምን ተጣሉ? አላውቅም ትላለች፣ ፊቷ ሳይለወጥ። ምስሉ ግን ወዲያው 2002ን ያሳየናል፣ የጠቡ መነሻም እርሷ ራሷ እንደሆነች እናያለን። ሦስት ሰዎች፣ ሦስት የተለያዩ ወንበሮች፣ ሦስቱም ለሕግ ዋሽተዋል፤ እውነቱን በሙሉ የያዘው ተመልካቹ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የምርመራው ካሜራ ሥራውን ጨርሷል፤ ሰባተኛውና ስምንተኛው ክፍል በዋናነት በ2012 ውስጥ ወደ ፊት ይጓዛሉ፣ የምትይዙት ማስታወሻም አያስፈልጋችሁም።