ሬዚስተሩ በበሩ በኩል ይሁን

የቤት አላርም ስገጥም ዋናው ጥያቄዬ በሩ ሲከፈት ደወሉ ይጮኻል ወይ የሚለው አይደለም። እሱን ጀማሪም ያስጮኸዋል። እኔን የሚያሳስበኝ ከበሩ እስከ መቆጣጠሪያው ሳጥን የተዘረጋውን ሽቦ አንድ ሰው ቢቆርጠው ወይም ሁለቱን ክሮች ልጦ ቢያገናኛቸው ሳጥኑ ያውቃል ወይ የሚለው ነው። መልሱ ያለው በትናንሽ ሬዚስተሮች፣ ይበልጡንም በሚቀመጡበት ቦታ ላይ ነው።

በር ላይ የሚገጠመው ሪድ ስዊች በታሸገ የመስታወት ቱቦ ውስጥ ያሉ ሁለት ቀጫጭን የብረት ምላሶች ነው። ማግኔት ሲቀርባቸው ተሳስበው ይነካካሉ፤ ማግኔቱ ሲርቅ ይለያያሉ። ስዊቹን መቃኑ ላይ፣ ማግኔቱን መዝጊያው ላይ አደርጋለሁ፤ ምክንያቱም ሽቦ ያለበት ነገር መንቀሳቀስ የለበትም። ቦታው ደግሞ ከማጠፊያው በተቃራኒ፣ መዝጊያው ብዙ በሚንቀሳቀስበት ጫፍ ነው። ማጠፊያው አጠገብ ከተገጠመ ሰው የሚያሾልክ ያህል በር ተከፍቶም ማግኔቱ ከስዊቹ ገና አልራቀም።

የአዲስ አበባ ቤቶች አንድ የራሳቸው ጣጣ አላቸው። ብዙው በርና መስኮት በኤልቲዜድ ብረት የተሠራ ነው፤ ብረት ደግሞ የማግኔቱን ኃይል ወደ ራሱ ይስበዋል። እንጨት ላይ ያለ ችግር የሚሠራ ስዊች ብረት ላይ ሲገጠም የሚሠራበት ርቀት ወደ ግማሽ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ለብረት በር የተዘጋጀውን ዓይነት እመርጣለሁ፤ ከማግኔቱም ከስዊቹም ሥር የፕላስቲክ መደብ አስገባለሁ። ከዚያ ስዊቹን ከሬዚስተሮቹ ጋር ከማሰሬ በፊት መልቲሜትሩን ድምፅ ላይ አድርጌ በሩን እዘጋና በእጄ እነቀንቀዋለሁ። ድምፁ ከተቆራረጠ ርቀቱ በዝቷል ማለት ነው፤ እንዲያው ከተተወ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ሌሊት ቤተሰቡን ይቀሰቅሳል።

አሁን ወደ ሽቦው እንምጣ። ሬዚስተር የሌለበት መስመር ለሳጥኑ የሚነግረው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ተገናኝቷል ወይም ተቋርጧል። በሩ ሲዘጋ መስመሩ የተገናኘ ነው። እንግዲህ ሁለቱን ክሮች በመንገድ ላይ ያገናኘ ሰው በሩን ለዘለዓለም «ዘጋው» ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ በሩ ወለል ብሎ ቢከፈትም ሳጥኑ አይሰማም። ይህ ደግሞ በሌባ እጅ ብቻ የሚሆን አይደለም። ለመጋረጃ ዘንግ የተመታ ሚስማር ኬብሉን ወግቶ ክሮቹን ቢያነካካቸው ውጤቱ ያው ነው።

አብሮኝ የሚሠራ ወጣት አንድ ቀን የጓሮ በር ስንገጥም፣ «ጋሼ፣ በሩ ጋ ቦታው ጠባብ ነው፤ ሬዚስተሮቹን እዚሁ ሳጥኑ ውስጥ ብናስራቸውስ? ሳጥኑ እንደሆነ ይቀበለዋል» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ሳጥኑ ይቀበለዋል። ብዙ ቤት የሚታየውም ይኸው ነው። ሳጥኑ በየቅጽበቱ ትንሽ ኤሌክትሪክ በመስመሩ ይልካል፤ ሬዚስተሩ ሌሊቱን ሙሉ ሲጠሩት «አለሁ» እንደሚል ዘበኛ ነው። ዘበኛው ጠሪው አጠገብ ተቀምጦ ከመለሰ ግን በሩ ጋ ማንም የለም። ሬዚስተሩ ሳጥኑ ውስጥ ሆኖ ክሮቹ በሩ ጋ ቢገናኙ ሳጥኑ የለመደውን መልስ ስለሚያገኝ ሁሉም ሰላም ነው ብሎ ይቀመጣል።

ስለዚህ ያንን የጓሮ በር በሁለት ሬዚስተር፣ በበሩ በኩል አሰርነው። የሳጥኑ መመሪያ የሚጠይቀው 5.6 ኪሎ ኦም ነበር፤ ሌላ ሥሪት 2.2 ወይም 1 ኪሎ ኦም ሊጠይቅ ይችላልና ሁሌም መመሪያውን ማየት ነው። ከሳጥኑ የመጣው አንዱ ክር መጀመሪያ ወደ አንደኛው ሬዚስተር ይገባል፤ ከሬዚስተሩ ወደ ስዊቹ አንድ ጫፍ ይሄዳል። ሌላው ክር በቀጥታ ወደ ስዊቹ ሁለተኛ ጫፍ ይገባል። ሁለተኛው ሬዚስተር የስዊቹን ሁለት ጫፎች አቋርጦ ይታሰራል። መጋጠሚያዎቹ በቆርቆሮ ተበይደው በፕላስቲክ ቱቦ ይሸፈናሉ፤ ጠምዝዞ በፕላስተር መጠቅለል ከጊዜ በኋላ ይላላል።

በሩ ሲዘጋ ስዊቹ ሁለተኛውን ሬዚስተር ስለሚዘለው ሳጥኑ የሚያነበው 5.6 ብቻ ነው። በሩ ሲከፈት ኤሌክትሪኩ በሁለቱም ማለፍ ስላለበት ንባቡ 11.2 ይሆናል። ክሮቹ ከተነካኩ ወደ ዜሮ ይወርዳል፤ ከተቆረጡ መጨረሻ የሌለው ይሆናል። አራት የተለያዩ ሁኔታዎች በሁለት ክር ብቻ ተነገሩ ማለት ነው። ዋናው ጥቅም የሚታየው ቀን ላይ፣ አላርሙ ጠፍቶ ሰው ሲወጣና ሲገባ ነው። በዚያ ሰዓት ሳጥኑ የበር መከፈትን ችላ ይላል፤ የሽቦ መነካትን ግን ጠፍቶም ቢሆን ይናገራል። ማታ ሊመጣ ያሰበ ሰው ሽቦውን የሚያበላሸው ቀን፣ ቤቱ ክፍት ሳለ ነውና። ይህ የሚሆነው ግን ዞኑ ሳጥኑ ውስጥ ባለ ሁለት ሬዚስተር ተብሎ ሲመዘገብ ነው፤ አለዚያ የሽቦ መቆረጥን ከበር መከፈት አይለየውም።

ሥራው ሲያልቅ ሁለቱን ክሮች ከሳጥኑ ነቅዬ በመልቲሜትር እለካለሁ፤ አንዴ በሩ ተዘግቶ፣ አንዴ ተከፍቶ። ቁጥሮቹ ብዙ ይናገራሉ። የኬብሉ የራሱ መቋቋም በመኖሪያ ቤት ርቀት ጥቂት ኦም ብቻ ስለሆነ ንባቡን አያዛባም። የተዘጋ በር 5.6 መስጠት ሲገባው 6.5 ከሰጠ አንድ ቦታ መጋጠሚያው ላልቷል ወይም ዝጓል። ተከፍቶ 11.2 መስጠት ሲገባው ወደ 10 ከወረደ ደግሞ ሁለቱ ክሮች መካከል እርጥበት ገብቶ ኤሌክትሪክ እያሾለከ ነው። ይህን በር ዘግቶ ማወቅ ያስቸግራል፤ መቶ ኪሎ ኦም የሚያህል ፍሳሽ 5.6ን ወደ 5.3 ብቻ ነው የሚያወርደው። ተከፍቶ ሲለካ ግን ጉድለቱ ከአንድ ኪሎ ኦም በላይ ስለሚሆን በግልጽ ይታያል። በክረምት ለሚረጥብ የጓሮ ግድግዳ በሩን ከፍቶ መለካት የሚሻለው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎም የማይሸፈን ነገር አለ። መስኮቱን ሳይከፍት መስታወቱን ሰብሮ የገባን ሰው ሪድ ስዊች አያይም፤ ለዚያ የእንቅስቃሴ ወይም የመስታወት ድምፅ ጠቋሚ ያስፈልጋል። ከስዊቹ አጠገብ ሌላ ጠንካራ ማግኔት የለጠፈ ሰውም ያታልለዋል፤ ሬዚስተሩ የሚጠብቀው ሽቦውን እንጂ ማግኔቱን አይደለምና። ስለዚህ ስዊቹ በውስጥ በኩል፣ ቢቻል መቃኑ ውስጥ ተቀብሮ ይገጠማል።

አላርም ያስገጠመ ሰው ሥራውን ከመረከቡ በፊት ቴክኒሻኑን አንድ ነገር ይጠይቀው። በሩ ተከፍቶ ሳለ፣ በሩ ጋ፣ ከሳጥኑ የመጡትን ሁለት ክሮች በአጭር ሽቦ እንዲያገናኛቸው። ሳጥኑ ሽቦው ተነክቷል ካለ ሥራው ተሠርቷል። በሩ ተዘግቷል ካለ ግን ሬዚስተሩ ያለው ሳጥኑ ውስጥ ነው ወይም ከነጭራሹ የለም፤ ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት ቴክኒሻኑ ወደ በሩ ይመለስ።