ከዋንጫው ሥር የሚጻፈው

የገቢዎች ሚኒስቴር ለታማኝ ግብር ከፋዮች በፕላቲኒየም፣ በወርቅና በብር ደረጃ ዕውቅና ይሰጣል። ሥነ ሥርዓቱ ባለቀ ማግስት የድርጅቶች የቴሌግራምና የፌስቡክ ገጾች በዋንጫ ፎቶ ይሞላሉ። ለድርጅቶች እንዲህ ያለ ጽሑፍ ማዘጋጀት ሥራዬ ስለሆነ፣ ከፎቶው ሥር የሚገባው ካፕሽን የት ላይ ጉራ እንደሚሆን በዚህ ሽልማት ላሳይ።

አንድ የቤት ዕቃ አምራች የብር ደረጃ አገኘና ሥራ አስኪያጁ እንዲህ የሚል ረቂቅ ላከልኝ፦ «በዘርፉ ግንባር ቀደም የሆነው ድርጅታችን ለሀገር ላበረከተው ከፍተኛ አስተዋጽኦ ታላቅ ሽልማት ተቀዳጀ! ለዚህ ስኬት ላበቃችሁን ሠራተኞቻችንና ውድ ደንበኞቻችን ምስጋናችን የላቀ ነው።»

ምስጋናው አለ፤ ጽሑፉ ግን አሁንም ጉራ ነው። ሽልማቱን የሰጠው ማን ነው? በምን ምክንያት? በየትኛው ደረጃ? አንዱም አልተጻፈም። በእነሱ ቦታ የገቡት «ግንባር ቀደም»፣ «ከፍተኛ» እና «ታላቅ» ናቸው። አንባቢ ብር መሆኑን በኋላ ከሌላ ሲሰማ ተደበቀብኝ ይላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር የሰጪውን ስም፣ የሽልማቱን ስምና ደረጃውን ብቻ ይያዝ። ብርን ብር ብሎ የጻፈ ድርጅት በሌላውም ነገር ይታመናል።

ሁለተኛው ችግር «ለሀገር ላበረከተው» የሚለው ነው። እንዲህ ከተጻፈ «ግብር መክፈል ግዴታ አይደለም እንዴ?» የሚል አስተያየት ከሥሩ መምጣቱ አይቀርም፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። ድርጅቱ ለመንግሥት ያስገባው ገንዘብ ሁሉ ከራሱ ኪስ የወጣ አይደለም። 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ ደንበኛው ሶፋ ሲገዛ የከፈለው ነው። የሥራ ግብሩም ከሠራተኛው ደመወዝ ላይ ተቀንሶ የገባ ነው። የድርጅቱ የራሱ የሚባለው የትርፍ ግብሩ፣ እንዲሁም የሌላውን ገንዘብ ሰብስቦ በወቅቱ ማስገባቱ ነው። ይህን ያየ ጸሐፊ ደንበኛውንና ሠራተኛውን ለይሉኝታ ብሎ ከጽሑፉ ግርጌ አያስቀምጣቸውም። ገንዘቡ የእነሱም ነውና ቦታቸው መሃሉ ላይ ነው።

ምስጋና የሚታመነው ደግሞ የተሠራውን ሥራ ሲጠራ ነው። «ውድ ደንበኞቻችን» ለበዓልም፣ ለቅናሽም፣ ለይቅርታም ይጻፋል፤ «ደረሰኝ ጠይቃችሁ የተቀበላችሁ» ግን ለዚህ ሽልማት ብቻ ነው የሚሆነው። ለሠራተኞቹ የሚሆነውን ለማግኘት ሥራ አስኪያጁን ትቼ ወደ ሒሳብ ክፍሉ ደወልኩ። ወር በመጣ ቁጥር እያመሹ ሒሳብ እንደሚዘጉ፣ የሱቅ ሠራተኞችም ገበያ ሲበዛ ካሽ ሬጅስተሩን ትተው በእጅ ከመጻፍ እንደሚቆጠቡ ነገሩኝ። በመጨረሻ የወጣው ጽሑፍ ይህ ነው፦

«የገቢዎች ሚኒስቴር በዘንድሮው የታማኝ ግብር ከፋዮች ሽልማት በብር ደረጃ ዕውቅና ሰጥቶናል። ደረሰኝ ጠይቃችሁ የተቀበላችሁ ደንበኞቻችን፣ ከገባው ግብር ውስጥ እናንተ የከፈላችሁት አለበት። ወር በመጣ ቁጥር እያመሻችሁ ሒሳቡን በጊዜው የዘጋችሁ የሒሳብ ክፍል ባልደረቦቻችን፣ ገበያው ሲጣደፍም ያለ ደረሰኝ ዕቃ ያላስወጣችሁ የሱቅ ሠራተኞቻችን፣ እናመሰግናችኋለን። ደስታው የጋራችን ነው።»

«ደስታው የጋራችን ነው» የሚለውን ሆን ብዬ ነው ያስገባሁት። ጉራ እንዳይመስል ተብሎ ደስታው ሲደበቅ ጽሑፉ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይሆናል፤ የደከሙትም ሰዎች ደስታቸውን ይነጠቃሉ። የቃለ አጋኖ ምልክቱን ግን አወጣሁት። ቴሌግራም ከፎቶ ሥር እስከ 1024 ፊደል ድረስ ስለሚፈቅድ ብዙዎች ቦታውን በድርጅቱ ታሪክና በስልክ ቁጥሮች ይሞሉታል። ከምስጋናው ሥር ማስታወቂያ ሲከተል ምስጋናው ራሱ የገበያ ጥሪ ይመስላልና ያንን ለሌላ ቀን አቆይቼዋለሁ።

ፎቶውም የጽሑፉ አካል ነው። ጽሑፉ የሒሳብ ሠራተኞችን እያመሰገነ ፎቶው ሥራ አስኪያጁን ብቻውን መድረክ ላይ ካሳየ አንባቢ የሚያምነው ፎቶውን ነው። ስለዚህ ዋንጫው ሱቅ ድረስ መጥቶ ከሠራተኞቹ ጋር እንዲነሳ ጠየቅሁ። ጽሑፉ መሥራቱን ያወቅሁትም ከአስተያየቶቹ ነው፤ ሠራተኞቹ በየራሳቸው ገጽ አጋሩት፣ «እንኳን ደስ አላችሁ» የሚሉትም ድርጅቱን ብቻ ሳይሆን እነሱን በስም እየጠሩ ነበር።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ምስጋናው እውነት ሲሆን ነው። ሱቁ ደረሰኝ የጠየቀን ደንበኛ «ያለ ደረሰኝ ይቀንስልሃል» የሚል ከሆነ፣ ያ ደንበኛ ካፕሽኑን ያነበበ ዕለት መልስ ይጽፋል። እንዲህ ላለው ድርጅት የደንበኞቹን ምስጋና አልጽፍለትም፤ ሰጪውንና ደረጃውን የሚናገረው የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል።